እንቅፋት የሚሸሽ ሮቦት በአልትራሶኒክ ሴንሰር፦ ሙከራውን መሥራትና ላብ ሪፖርቱን መጻፍ

ሮቦቱ ግድግዳው ጋ ደርሶ ቆመ፣ ዞረ፣ መንገዱን ቀጠለ። ቪዲዮም ተቀረጸ። ከዚያ ማታ ሪፖርት ልትጽፉ ስትቀመጡ በእጃችሁ ያለው ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ ኮዱ ውስጥ የጻፋችሁት 20። «ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቁም» የምትለዋ መስመር።

ይህች 20 ከየት መጣች? ለምን 15 አልሆነችም? ለምን 30 አልሆነችም? የብዙ ቡድን ሪፖርት የሚወድቀው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። መምህሩ ሮቦቱ መዞሩን አይቷል፣ ከእናንተ የሚፈልገው ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ ነው። ይህ መመሪያ ያንን ቁጥር በመለካት ማግኘትን፣ ከዚያም ትክክል መሆኑን መፈተንን ያሳያል። ሪፖርቱ ከዚያ በኋላ ራሱ ይጻፋል ማለት ይቻላል።

የምጠቀመው ምሳሌ ቡድናችን የሠራው ሮቦት ነው። አርዱዊኖ ኡኖ፣ ከፊት የተገጠመ አንድ ኤችሲ-ኤስአር04 ሴንሰር፣ ሁለት ቢጫ ሞተሮች፣ ኤል298ኤን የሞተር ሾፌር፣ ሁለት ሊቲየም ባትሪ። በየላቡ የሚገኘው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ሴንሰሩን ብቻውን

ሞተሩን ገና አታገናኙ። ሴንሰሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ምን እንደሚያደርግ እወቁ።

ሥራው የገደል ማሚቶ ነው። ትሪግ የሚባለውን ፒን ለ10 ማይክሮ ሴኮንድ ከፍ ስታደርጉት ሴንሰሩ በ40 ኪሎ ኸርትዝ 8 አጫጭር የድምፅ ምቶች ይልካል። ጆሯችን አይሰማቸውም። ድምፁ ሄዶ፣ ነገሩን መትቶ ይመለሳል። ኤኮ የሚባለው ፒን ድምፁ ሄዶ እስኪመለስ ድረስ ከፍ ብሎ ይቆያል። እናንተ የምትለኩት ያንን ጊዜ ነው። ርቀቱ ደግሞ ጊዜው በድምፅ ፍጥነት ተባዝቶ ለሁለት የተካፈለ ነው፤ ለሁለት የሚካፈለው ድምፁ ደርሶ መልስ ስለሄደ ነው።

```
const int TRIG = 7, ECHO = 8;

void setup() {
  Serial.begin(9600);
  pinMode(TRIG, OUTPUT);
  pinMode(ECHO, INPUT);
}

void loop() {
  digitalWrite(TRIG, LOW);
  delayMicroseconds(2);
  digitalWrite(TRIG, HIGH);
  delayMicroseconds(10);
  digitalWrite(TRIG, LOW);
  unsigned long t = pulseIn(ECHO, HIGH, 12000);
  Serial.println(t);
  delay(60);
}
```

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ኮዱ የሚያትመው ጊዜን ነው፣ ሴንቲ ሜትርን አይደለም። ሆን ብዬ ነው። ጥሬው ቁጥር በእጃችሁ ካለ በኋላ የፈለጋችሁትን የድምፅ ፍጥነት አስገብታችሁ ማስላት ትችላላችሁ፤ ሴንቲ ሜትር ብቻ ከመዘገባችሁ ግን ኮዱ ውስጥ የነበረው ስህተት ከውጤቱ ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። ሁለተኛ፣ `pulseIn` ላይ የተጻፈችው 12000 የመጠበቂያ ጊዜ ናት። ያ ጊዜ ለ2 ሜትር ያህል ይበቃል። እሷን ካልጻፋችሁ ምንም ማሚቶ ሳይመለስ ሲቀር አርዱዊኖው እስከ 1 ሴኮንድ ሊጠብቅ ይችላል፤ በዚያ ሴኮንድ ውስጥ ሮቦቱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሄዳል።

60 ሚሊ ሴኮንዷንም አትቀንሷት። ብትቀንሷት ከቀድሞው ምት የዘገየ ማሚቶ ለአዲሱ ምት መልስ መስሎ ይገባና ባዶ ቦታ ላይ እንቅፋት ታያላችሁ።

አሁን መለካት። ወለል ላይ ሜትር ዘርጉና በፕላስተር ለጥፉት። ጠፍጣፋ ካርቶን ወይም ሰሌዳ በ20፣ 40፣ 80 እና 120 ሴንቲ ሜትር ላይ ፊት ለፊት አቁሙ። በእያንዳንዱ ርቀት 10 ንባብ መዝግቡ። ሴንሰሩን ከወለሉ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ ድምፁ እንደ ችቦ ብርሃን እየሰፋ ስለሚሄድ ዝቅ ካለ ወለሉን ራሱን ሊያየው ይችላል።

ስህተቱ ምን ይላል?

እኛ መጀመሪያ ስንሠራ ከኢንተርኔት በተወሰደ ኮድ ውስጥ የምትገኘውን 0.034 ተጠቅመን ነው ያሰላነው። የ10 ንባቦች አማካይ እንዲህ ወጣ፦

| እውነተኛ ርቀት (ሴ.ሜ) | ሴንሰሩ ያነበበው (ሴ.ሜ) |
|---|---|
| 20 | 20.5 |
| 40 | 40.3 |
| 80 | 79.7 |
| 120 | 119.2 |

እዩት። ቅርብ ላይ አብልጦ ያነባል፣ ሩቅ ላይ አሳንሶ ያነባል። የቡድናችን አባላት «ሴንሰሩ ይዘባርቃል» ብለን ልናልፈው ነበር። ሪፖርቱ ላይ ደግሞ «ልዩነቱ የመጣው በሰው ስህተት ነው» የምትለውን የተለመደች ዓረፍተ ነገር ልንጽፍ። እባካችሁ ያቺን ዓረፍተ ነገር አትጻፏት። ምንም አትልም።

ይልቅ ግራፍ ሥሩ። አግድም እውነተኛው ርቀት፣ ሽቅብ የተነበበው። ነጥቦቹ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ። የእኛ መስመር ስሎፑ 0.987፣ ኢንተርሴፕቱ 0.79 ሴንቲ ሜትር ወጣ። በኤክሴል ሁለቱንም በደቂቃ ታገኟቸዋላችሁ። ሁለቱ ቁጥሮች ሁለት የተለያዩ ስህተቶች ናቸው፣ እያንዳንዱም ምክንያቱን ይናገራል።

ኢንተርሴፕቱ የሜትራችሁ ዜሮ የት እንደተቀመጠ ይናገራል። እኛ ዜሮውን ያደረግነው በሁለቱ ክብ «ዓይኖች» ፊት ጫፍ ላይ ነው፤ ድምፁ ግን የሚነሳው ከውስጥ ነው። ስለዚህ በየርቀቱ ያው 0.79 ይጨመራል። መፍትሔው መቀነስ ብቻ ነው።

ስሎፑ ደግሞ የድምፅ ፍጥነትን ይናገራል። ፍጥነቱ በሙቀት ይቀያየራል፦ `v = 331.3 + 0.606 × T`፣ ቲው በሴልሺየስ፣ ፍጥነቱ በሜትር በሴኮንድ። ኮዱ ውስጥ ያለችው 0.034 ማለት 340 ሜትር በሴኮንድ ነው። ስሎፑ 0.987 ከሆነ እውነተኛው ፍጥነት 340 ለ0.987 ሲካፈል ነው፤ 344.5 ይመጣል። ወደ ሙቀት መልሱት፤ 21.8 ዲግሪ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ቴርሞሜትር 22 ይል ነበር። ያን ቀን በእውነት ደስ ብሎኛል። ሴንሰሩ አልዘባረቀም፣ የክፍሉን ሙቀት ነው የነገረን።

ግን ልክ ነው ብላችሁ ከልክ በላይ አትመኩበት። በ100 ሴንቲ ሜትር ላይ የ0.3 ሴንቲ ሜትር መሳሳት ሙቀቱን 2 ዲግሪ ገደማ ያዛባዋል። ይህንንም ሪፖርቱ ላይ ጻፉት።

በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ላይ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ሰው «ከፍታው ነው፣ አየሩ ስስ ነው» ማለቱ አይቀርም። አይደለም። ከፍ ባላችሁ ቁጥር የአየሩ ግፊትም እፍጋቱም አብረው ስለሚወርዱ ለድምፅ ፍጥነት ይጣፋሉ። ልዩነት የሚያመጣው ሙቀቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በ20 ዲግሪ የተስተካከለ ሮቦት 35 ዲግሪ የሆነ የድሬዳዋ ቀን ላይ ቢወጣ 100 ሴንቲ ሜትሩን 97.4 ብሎ ያነበዋል።

የማቆሚያ ርቀቱን አስሉት

አሁን ሮቦቱን አገጣጥሙት። ሁለት ነገር ብቻ ላስጠንቅቅ። የአርዱዊኖውና የሞተር ሾፌሩ ግራውንድ መገናኘት አለበት። ሰርቮም ከጨመራችሁ ደግሞ ኡኖ ላይ የሰርቮው ላይብረሪ በፒን 9 እና 10 ላይ `analogWrite`ን ያጠፋዋል፤ የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያውን 5 እና 6 ላይ አድርጉት። ሞተሩ ሲነሳ አርዱዊኖው ራሱን የሚያጠፋና የሚያበራ ከመሰላችሁ ባትሪው ደክሟል ወይም ለሁለቱም አልበቃም፤ ለአርዱዊኖው የራሱን ባትሪ ስጡት።

ሮቦቱ ግድግዳ ከማየቱ እስከ መቆሙ ድረስ የሚሄደው መንገድ ሦስት ቁራጭ አለው። እያንዳንዱን ለየብቻ እንለካ።

የመጀመሪያው ሴንሰሩ የተቀመጠበት ቦታ ነው። የእኛው ከሮቦቱ ፊት ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ነበር። ሴንሰሩ 20 ሲል ጫፉ ከግድግዳው 18 ላይ ነው። ቀላል ነገር ነው፣ ግን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ሁለተኛው ሮቦቱ እስኪወስን የሚሄደው ነው። አንድ የተሳሳተ ንባብ እንዳያስደነግጠው የመጨረሻዎቹን ሦስት ንባቦች ይዘን መሃለኛውን እንወስዳለን። ስለዚህ ለማቆም ከሦስቱ ሁለቱ «ቀርቧል» ማለት አለባቸው። አንድ ንባብ ከነመጠበቂያው 65 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል። ሮቦቱ መስመሩን ያለፈው ልክ ንባብ ሊጀመር ሲል ከሆነ ውሳኔው ከ65 ሚሊ ሴኮንድ በኋላ ይመጣል፤ ንባቡ ገና እንዳለፈ ከሆነ ደግሞ 130 ይፈጃል። ሮቦታችን 2 ሜትርን በ5 ሴኮንድ ይሄድ ነበር፣ ማለትም 40 ሴንቲ ሜትር በሴኮንድ። በዚያ ፍጥነት ሲሰላ ከ2.6 እስከ 5.2 ሴንቲ ሜትር ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ ሦስቱን ንባብ እያንሸራተታችሁ ያዙ፣ አዲስ ሲመጣ አሮጌውን አውጡ። በየጊዜው ሦስት አዲስ ንባብ የምትሰበስቡ ከሆነ መዘግየቱ እስከ አራት ንባብ ይደርሳል፤ ያ 10 ሴንቲ ሜትር ነው።

ሦስተኛው ሞተሩ ከተቋረጠ በኋላ የሚንሸራተተው ነው። ይህን ለመለካት ኮዱ ላይ ሞተሩ የሚጠፋበትን ቅጽበት በኤልኢዲ አብሩትና ሜትሩ አጠገብ ሆናችሁ በስልክ ከጎን ቅረጹት። ከዚያ ቪዲዮውን ፍሬም በፍሬም እዩት። መብራቱ የበራበት ቦታና የቆመበት ቦታ ልዩነቱ ነው። 30 ፍሬም በሴኮንድ በሚቀርጽ ስልክ አንድ ፍሬም 33 ሚሊ ሴኮንድ ነው፤ በእኛ ፍጥነት ወደ 1.3 ሴንቲ ሜትር። ስሎው ሞሽን ካለው ስልክ ተጠቀሙ። የእኛ አማካይ 7 ሴንቲ ሜትር ወጣ፣ ሴራሚክ ወለል ላይ።

ይህን 7 ማሳጠር ይቻላል። `analogWrite` ዜሮ ስታደርጉ ሞተሩ ተለቆ ይንሸራተታል። ፍጥነቱን ከፍ አድርጋችሁ ሁለቱን የአቅጣጫ ፒኖች እኩል ዝቅ ብታደርጓቸው ግን ሾፌሩ የሞተሩን ሁለት ጫፎች ያገናኛቸዋል፣ ሞተሩም ራሱን ያቆማል፤ ፍሬን ማለት ነው። በእኛው ላይ 7 ወደ 3 ወረደ። ሁለቱንም ለክታችሁ ብታወዳድሩ ጥሩ የሪፖርት ክፍል ይወጣዋል። ከዚህ በታች ያለው ሒሳብ ግን ፍሬን ሳይያዝ ነው።

እንደምር፦ 2 ሲደመር 5.2 ሲደመር 7፣ 14.2። ለሴንሰሩ ስህተት 1 ጨምሩ፣ 15.2። ሮቦቱ ሳይነካ ወደ ኋላ ብሎ እንዲዞር 5 ያህል ተዉለት። 20። ይኸው፣ 20 አሁን አባትና እናት አላት።

ቁጥሩን አስቀድማችሁ ጻፉ፣ ከዚያ ፈትኑ

ሙከራውን ከመጀመራችሁ በፊት ሮቦቱ ከግድግዳው ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንደሚቆም በደብተር ላይ ጻፉ። የእኛ ስሌት፦ በጣም ከዘገየ 20 ሲቀነስ 14.2፣ 5.8 ይቀራል። በጣም ከፈጠነ 8.4 ይቀራል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሩጫ ከ5.8 እስከ 8.4 መሃል መቆም አለበት፣ የሴንሰሩ ስህተት ተጨምሮ ትንሽ ወጣ ገባ ሊል ይችላል።

20 ጊዜ አስኬድነው። እየቆመ ጫፉን በጠመኔ እያሰመርን ለካን። 18ቱ ከ5.5 እስከ 8.7 ውስጥ ገቡ። ሁለቱ ግን 3.1 እና 4.0 ላይ ቆሙ። ልንሰርዛቸው ዳድቶን ነበር፣ ደግነቱ ደብተሩ ላይ ከጎናቸው «ባትሪ ተቀየረ» ተብሎ ተጽፏል። አዲስ የተሞላ ባትሪ ላይ ፍጥነቱን ስንለካው 48 ሆኖ አገኘነው። ፍጥነት በ1.2 እጥፍ ሲያድግ መንሸራተቱ የሚያድገው በ1.2 ስኩዌር ነው፤ 7 ወደ 10 ይሄዳል። መዘግየቱም እስከ 6.2 ይደርሳል። አስሉት፣ ከ1.8 እስከ 4.9 ይቀራል። ሁለቱም ቁጥሮች እዚያ ውስጥ ናቸው። የሪፖርታችን ምርጥ አንቀጽ የወጣው ልንሰርዛቸው ከነበሩት ከእነዚህ ሁለት ሩጫዎች ነው። ስለዚህ በየሩጫው የባትሪውን ቮልቴጅ ጻፉ፣ ምንም ቁጥር አትሰርዙ።

የማይቆምበትን ቦታ ፈልጉ

ሮቦቱ ፊት ለፊት ለሆነ ግድግዳ መቆሙን አሁን አውቀናል። ግድግዳውን አጣሙት።

የ40 ኪሎ ኸርትዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ 8.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በጣም የለሰለሰ ነገር ሁሉ ለዚህ ድምፅ መስታወት ነው። መስታወትን ሰያፍ አድርጋችሁ ብትይዙት ፊታችሁን አታዩበትም፣ ጎናችሁ ያለውን ነው የምታዩት። የቀለም ግድግዳ፣ የቁምሳጥን በር፣ ካርቶን ሁሉም እንደዚያ ናቸው። ማሚቶው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል፣ ሮቦቱም መንገዱ ክፍት ነው ብሎ ይነዳል።

እኛ ሰሌዳውን በ0፣ 15፣ 30 እና 45 ዲግሪ አዙረን በእያንዳንዱ 10 ጊዜ ሞከርን። በ0 እና በ15 ሁሌም ቆመ። በ30 ከ10 ስድስቱን ቆመ። በ45 አንዴ ብቻ። የእናንተ ቁጥር እንደ ሰሌዳው ዓይነትና ስፋት ይለያል፤ ለካችሁ የራሳችሁን ጻፉ።

ለምን እንደተጋጨ ለማወቅ ንባቦቹ ያስፈልጋችኋል፣ ሮቦቱን ግን በዩኤስቢ ገመድ እየጎተታችሁ መሞከር አትችሉም። የመጨረሻዎቹን 50 ንባቦች አሬይ ውስጥ አስቀምጡና ከቆመ በኋላ አንድ ቁልፍ ሲጫን እንዲያትማቸው አድርጉ። አርዱዊኖውን ሳታጠፉ ገመዱን ስትሰኩና ሲሪያል ሞኒተሩን ስትከፍቱ ኡኖው ራሱን ሪሴት እንደሚያደርግና ሜሞሪው እንደሚጠፋ አስታውሱ፤ ስለዚህ ከመጥፋቱ በፊት ወደ `EEPROM` ይጻፉ፣ ወይም ትንሽ የብሉቱዝ ሞጁል ግጠሙ።

በ45 ዲግሪ ከተጋጨው ሩጫ ያገኘነው ይህን ይመስላል፦

```
2910
2760
0
0
8240
0
```

ወደ ሴንቲ ሜትር ስትቀይሯቸው 50፣ 47፣ ምንም፣ ምንም፣ 142፣ ምንም። 142 ማለት ድምፁ ከሰሌዳው ተንሸራቶ ከጎን ያለውን ግድግዳ መትቶ ተመለሰ ማለት ነው። 0 ደግሞ «ዜሮ ሴንቲ ሜትር» ማለት አይደለም፣ «ምንም አልሰማሁም» ማለት ነው። ብዙ ኮድ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 0ን እንደ ርቀት ከወሰዳችሁት ሮቦቱ ባዶ አዳራሽ መሃል ላይ ያለ ምክንያት ይቆማል። ዝም ብላችሁ ከጣላችሁት ደግሞ እንዲህ ሰያፍ ሰሌዳ ላይ ይጋጫል። እኛ የመረጥነው መፍትሔ ቀላል ነው፦ የመጨረሻው ትክክለኛ ንባብ ከ60 ሴንቲ ሜትር በታች ከነበረና ቀጥሎ ሁለት ጊዜ 0 ከመጣ፣ 47 ላይ የነበረ ነገር በቅጽበት ሊጠፋ አይችልምና ሮቦቱ ይቁም። በዚህ ሕግ በ45 ዲግሪ ከ10 ሰባቱን ቆመ። ሦስቱን ያልቆመው ከመጀመሪያውም አንድም ቅርብ ንባብ ስላልነበረው ነው። ያንን በአንድ ሴንሰር መፍታት አይቻልም፤ በግራና በቀኝ ሰያፍ የተገጠሙ ሁለት ተጨማሪ ሴንሰሮች ያስፈልጋሉ።

አንድ ሙከራ ደግሞ ጨምሩ። ወንበር ላይ ጋቢ አልብሱና ሮቦቱን ወደዚያ ልቀቁት። ለስላሳና ወፍራም ጨርቅ ድምፁን ይውጠዋል። ሰሌዳውን በ1 ሜትር ላይ ያየው የነበረው ሴንሰር ጋቢውን ያየው በጣም ቀርቦ ነበር፣ አንዳንዴም ጭራሽ አላየውም።

ሪፖርቱን ስትጽፉ

ሪፖርቱ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፣ ቅደም ተከተሉም ከመምህሩ ይሰጣችኋል። እኔ የምለው በየክፍሉ ምን እንደሚገባ ነው።

ዓላማው ላይ «ስለ ሴንሰር ለመማር» አትበሉ። «በ40 ሴንቲ ሜትር በሴኮንድ ለሚሄድ ሮቦት አስተማማኝ የማቆሚያ ርቀት ማግኘትና መፈተን» በሉ። ንድፈ ሐሳቡ ግማሽ ገጽ ይበቃዋል፤ የድምፅ ፍጥነት ቀመርና የሦስቱ ቁራጮች ድምር። ስለ ሮቦት ታሪክ አትጻፉ። የአሠራር ሂደቱን ባለፈ ጊዜ ጻፉት፣ ሌላ ቡድን አንብቦ ያንኑ እንዲደግም፤ የወለሉን ዓይነት፣ የሴንሰሩን ከፍታ፣ የክፍሉን ሙቀት፣ የባትሪውን ቮልቴጅ አትርሱ።

ውጤት ላይ ሁለት ግራፍና ሁለት ሠንጠረዥ በቂ ነው። የካሊብሬሽኑ መስመር ከነስሎፑ፤ የ20ዎቹ ሩጫዎች ነጥቦች፣ አስቀድማችሁ የገመታችሁት ከ5.8 እስከ 8.4 ያለው ክልል ከኋላቸው ጥላ ሆኖ። ሰው ግራፉን ሲያይ የትኞቹ ነጥቦች ከክልሉ እንደወጡ ወዲያው ይታየዋል። ከዚያ የአንግሉ ሠንጠረዥና የጨርቁ። ሙሉው ጥሬ ንባብ ከኋላ አባሪ ይሁን።

ትንተናው ላይ ጊዜያችሁን አጥፉ። ለእያንዳንዱ ልዩነት ምክንያት፣ ለእያንዳንዱ ምክንያት ቁጥር። «ባትሪው ሊሆን ይችላል» አይበቃም፤ ፍጥነቱን ለክታችሁ፣ አስልታችሁ፣ 3.1 እና 4.0 ከስሌቱ ጋር መግጠማቸውን አሳዩ። ማጠቃለያው ላይ ደግሞ 20ን ከነገደቡ ጻፉት፦ በዚህ ፍጥነት፣ በዚህ ወለል፣ እስከ 15 ዲግሪ ለተጣመመ ጠንካራ ግድግዳ ይሠራል። ባትሪው ሙሉ ሲሆን ጠባብ ነው። ለጋቢ አይሠራም።